የመለያ ሶፍትዌር ወይስ የማስረጃ ጥያቄ?

ፒያሳ ባለው ቢሯችን ከፍሪላንስ ጸሐፊዎች የሚመጣ ጽሑፍ ሳይገለጽ በማሽን፣ ማለትም እንደ ቻትጂፒቲ ባለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም፣ የተጻፈ እንደሆነ ለማጣራት ሁለት መንገዶችን ሞክረናል። አንዱ ጽሑፉን ለመለያ ሶፍትዌር መስጠት፣ ሌላው የዘገባውን ማስረጃ ከጸሐፊው መጠየቅ ነው።

ሶፍትዌሩ ፈጣን ነው፤ ሆኖም የቻትጂፒቲ ሠሪ የሆነው ኦፕንኤአይ ያወጣው መለያ በራሱ በኩባንያው የእንግሊዝኛ ሙከራ ከማሽን ጽሑፎች 26 በመቶውን ብቻ ሲለይ፣ ከሰው ጽሑፎች 9 በመቶውን በስህተት የማሽን ብሏቸዋል። በሌሎች ቋንቋዎች ይበልጥ ደካማ መሆኑን ኩባንያው አስጠንቅቆ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ከአገልግሎት አወጣው። በእንዲህ ዓይነት ውጤት የአንድን ጸሐፊ ስም ማጉደፍ በደል ነው።

ሁለተኛው መንገድ ጊዜ ቢወስድም የሚታይ ነገር ያስጨብጣል። ስለ ወርቅ ቤቶች በቀረበልን ጽሑፍ ሦስት ነጋዴዎች በአንድ ዓይነት የተስተካከለ አነጋገር ሲናገሩ አስተዋልን፤ ዋጋ፣ የሱቅ ቦታም ሆነ የተገናኙበት ቀን አልነበረም። የነጋዴዎቹን ስልክ፣ የድምፅ ቅጂ ወይም ማስታወሻ፣ እንዲሁም የረቂቁን የአርትዖት ታሪክ ጠየቅን። የተገኘው አንድ ነጋዴ ብቻ ሲሆን፣ ጸሐፊው የሁለቱን ቃል ከማሽን እንደወሰደ አመነ።

የአርትዖት ታሪኩ ጽሑፉ በአንድ ጊዜ እንደተለጠፈ ያሳይ ነበር፤ ይህን ግን ብቻውን ማስረጃ አላደረግነውም፤ ምክንያቱም በደብተር ወይም በቴሌግራም ጽፎ የሚገለብጥ ጸሐፊም ተመሳሳይ ታሪክ ይኖረዋል። ይህ መንገድም ወሰን አለው፦ ምንጭ የማይጠቅስ የአስተያየት ጽሑፍ ሲመጣ የምንደውልለት ሰው ስለማይኖር፣ ጸሐፊውን ጠርተን ስለ መከራከሪያው በቃል እንጠይቀዋለን።