የፔቲ ካሽ መተኪያ፦ በአንድ ምዝገባ ወይስ በየወጪው?

ደሴ ያለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር 5,000 ብር ፔቲ ካሽ፣ ማለትም ለጥቃቅን ወጪ የሚቀመጥ ጥሬ ገንዘብ፣ አለው እንበል። ሣጥኑ ውስጥ የቀረው 1,180 ብር ነው። ማስረጃዎቹ ለባጃጅ 900፣ ለጽሕፈት መሣሪያ 1,450፣ ለጽዳት 1,420፣ በድምሩ 3,770 ይላሉ። (ባጃጅ ደረሰኝ ስለማይሰጥ የወጪ ቫውቸር ይፈረምበታል።) ሣጥኑን ወደ 5,000 የሚመልሰው መተኪያ ቼክ ግን የ3,820 ነው፤ 50 ብር ጎድሏል።

እያንዳንዱን ወጪ ለየብቻ ከመዘገባችሁ ባንክ ሦስት ጊዜ ክሬዲት ይሆናል፤ ስቴትመንቱ ላይ የሚመጣው ግን አንድ ቼክ ነው። ሲታረቅ ያደክማል፣ የጎደለውም 50 ብር ማደሪያ ያጣል።

እኔ አንዱን ምዝገባ እመርጣለሁ፦ ሦስቱ ወጪዎች በየሂሳባቸው ዴቢት፣ 50 ብሩ በጥሬ ገንዘብ ጉድለት ዴቢት፣ ባንክ በ3,820 ክሬዲት። የገንዘቡ ጣሪያ ካልተቀየረ በቀር የፔቲ ካሽ ሂሳብ አይነካም።