ክብ ግራፍ በእጅ ሲሳል፦ መቶኛውን በ3.6 ማባዛት ወይስ ከቁጥሩ በቀጥታ መነሣት?

ሙሉ ክብ 360 ዲግሪ ስለሆነ እያንዳንዱ አንድ በመቶ 3.6 ዲግሪ ይይዛል፤ ስለዚህ 25 በመቶ 90 ዲግሪ፣ 10 በመቶ ደግሞ 36 ዲግሪ ይሆናል። ሁለተኛው መንገድ መቶኛውን ትቶ 360ን ለጠቅላላው ቁጥር ማካፈልና የተገኘውን በየክፍሉ ቁጥር ማባዛት ነው።

ከ24 ተማሪዎች 11ዱ በእግር፣ 8ቱ በታክሲ፣ 5ቱ በአውቶቡስ ይመጣሉ እንበል።

በመቶኛ፦ ወደ ሙሉ ቁጥር ሲጠጋጋ 46፣ 33 እና 21 በመቶ ይሆናል። በ3.6 ሲባዛ 165.6፣ 118.8 እና 75.6 ይወጣል፤ ፕሮትራክተር ግን የዲግሪ ክፍልፋይ ስለማያሳይ እንደገና ሲጠጋጋ 166፣ 119 እና 76 ይሆናል። ድምሩ 361 ነው፤ ሦስቱንም በየተራ የለካ ሰው የመጨረሻው መስመር የመጀመሪያውን አልፎ ሲሄድ ያያል።

ከቁጥሩ፦ 360 ለ24 ሲካፈል ለአንድ ተማሪ 15 ዲግሪ ይደርሳል። ማዕዘኖቹም 165፣ 120 እና 75 ናቸው፤ ድምራቸው ልክ 360 ነው። ስህተቱን ያመጣው ሁለት ጊዜ ማጠጋጋቱ እንደሆነ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

ጠቅላላው 20፣ 24፣ 30 ወይም 45 ሲሆን፣ ማለትም 360ን ያለ ቀሪ ሲያካፍል፣ እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ጥያቄው መቶኛውን ብቻ ከሰጠ ግን ያለው መንገድ በ3.6 ማባዛት ነው። ጠቅላላው እንደ 37 ያለ ቁጥር ሲሆን ማጠጋጋት በሁለቱም መንገድ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ከመሳል በፊት ማዕዘኖቹን ደምሮ ትርፉን ወይም ጉድለቱን ከትልቁ ክፍል ላይ ማስተካከል ይሻላል፣ አንድ ዲግሪ እዚያ ላይ ብዙም አይታይምና።