አማካይ ሲቀየር፦ በድምር ወይስ በልዩነት?

24 ተማሪዎች በአማካይ 62 አምጥተዋል፣ 87 ያመጣች አንዲት ተማሪ ተጨመረች እንበል። አዲሱ አማካይ ስንት ነው?

በድምር፦ 24 × 62 = 1488፣ ሲደመር 87፣ 1575። ለ25 ሲካፈል 63። ረዘም ይላል፣ ግን ለማመሳከር ይመቻል።

በልዩነት፦ ልጅቷ ከአማካዩ በ25 ትበልጣለች። ትርፉን ለ25 ሰው ስናካፍለው ለያንዳንዱ 1 ይደርሰዋል፣ 63። በቃል ያልቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ማካፈል ያለብን ለአዲሱ ቁጥር ነው እንጂ ለ24 አይደለም። አንድ ሰው ሲወጣም እንደዚሁ ለቀሪዎቹ እናካፍላለን፣ ምልክቱ ግን ይገለበጣል፦ ከአማካይ በላይ ያለው ሲወጣ አማካዩ ይወርዳል። ሰው በሰው ሲተካ ግን ቁጥሩ አይነካም፣ ስለዚህ የአሮጌውንና የአዲሱን ውጤት ልዩነት ለዚያው ለ25 ማካፈል ይበቃል።

ይህ ክፍል (25 ተማሪ፣ አማካይ 63) 50 ተማሪ ካለውና አማካዩ 72 ከሆነው ክፍል ጋር ቢቀላቀልስ? 67.5 እንዳትሉ! በድምር 1575 + 3600 = 5175፣ ለ75 ሲካፈል 69። በልዩነት ደግሞ ትልቁ ክፍል የጠቅላላው ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ፣ ከ63 ተነስተን የ9ኙን ልዩነት ሁለት ሦስተኛ፣ 6 እንጨምራለን።

ለአንድ ሰው ወይም ለሁለት ክፍል ልዩነትን እመርጣለሁ። ክፍሎቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ወይም ብዙ ሰው ገብቶ ብዙ ከወጣ፣ ድምሩ ይሻላል።