ቫልቬን ተዉት፣ የጣራውን ቱቦ ክፈቱ

ላቫንዲኖዬ ሥር ያለው የአየር ቫልቭ ሰሞኑን ሕንፃውን ሁሉ ሲያነጋግር ከረመ። ሻወር ቤቴ መሽተት ጀመረ። የሽንት ቤቱ ውሃም ማንም ሳይነካው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ጎረቤት ሁሉ ጣቱን የቀሰረው ያቺ የጡጫ ታህል ፕላስቲክ ላይ ነው። ከክረምቱ በፊት ገዝቼ እስካሁን ስለተጠቀምኩባት፣ ከተከሳሿ ጎን ቆሜ የማውቀውን ልናገር።

የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ፣ ባለ አራት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ኩሽናውን ሳሳድስ ላቫንዲኖውን ከነበረበት ወደ ሌላኛው ግድግዳ አዛወርኩት። የፍሳሽ መስመሩም ረዘመ። ከዚያ በኋላ ሳህን አጥቤ ውሃውን ስለቀው መጨረሻ ላይ ይንጎራጎራል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሽታ ይመጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከላቫንዲኖው ሥር ያለው ጠማማ ቱቦ፣ ሲፎኑ፣ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይዞ ይቀራል። አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ውሃ ነው። ከፍሳሹ የሚመጣውን ሽታ የሚያግደው እሱ ብቻ ነው። አንድ ላቫንዲኖ ሙሉ ውሃ ሲለቀቅ ቱቦውን ሞልቶ ይሄዳል፤ ከኋላው ያለውን አየርም ይስባል። የሚተካ አየር ከሌላ ቦታ ካልገባ፣ የሲፎኑን ውሃ አብሮ ጠራርጎት ይሄዳል። ሙሉ የዘይት ጀሪካን ዘቅዝቆ የቀዳ ሰው ያውቀዋል፤ አየር እስኪገባለት ድረስ እየተንደቀደቀ ያስቸግራል። ለዚህ ነው ፍሳሽ ቬንት የሚያስፈልገው። ውሃው መውረዱ ብቻ አይበቃም፣ ከኋላው አየር መግባት አለበት።

ደንበኛው መፍትሔ ቱቦ አውጥቶ ከጣራ በላይ አየር ላይ ክፍት መተው ነው። እኔ ግን በላዬ ያሉትን ፎቆች ሁሉ አስበስቼ ቱቦ ላወጣ? ማን ፈቅዶልኝ? ቫልቯ የተፈጠረችው ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ነው። ውስጧ ስስ የጎማ ክዳን አለ። መስመሩ ውስጥ አየር ሲጎድል ክዳኑ ይነሳና የክፍሉን አየር ያስገባል። መሳቡ ሲያበቃ በራሱ ክብደት ወርዶ ይዘጋል። መብራት አትፈልግም፣ ስፕሪንግም የላትም።

ቧንቧ ሠራተኛው ካቢኔቱ አጭር ነው ብሎ አጋድሞ ሊያስራት ነበር። አይሆንም አልኩት። ክዳኑ የሚዘጋው በክብደቱ ስለሆነ ቀጥ ብላ መቆም አለባት። ከአግዳሚው የፍሳሽ መስመርም ቢያንስ አሥር ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለባት፤ መስመሩ ቢታፈን ቆሻሻው መጀመሪያ እሷን እንዳያገኛት። ደግሞም እጅ የሚደርስበት ቦታ እንጂ ግድግዳ ውስጥ አትቀበርም፤ አየር ከየት ታገኛለች? ከዚያ ቀን ወዲህ ኩሽናዬ ጸጥ አለ። ስለ ኩሽናው ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ወደ ክሱ ልመለስ። ሻወር ቤቱ ሲሸት መጀመሪያ የፈተሽኩት እሷኑ ነው። ላቫንዲኖውን ሞልቼ ለቀቅኩና ቀጭን የሶፍት ቁራጭ አፏ ላይ ያዝኩ። ሶፍቱ ወደ ውስጥ ተሳበ፤ ውሃው ሲያልቅ ተመለሰ። ውሃ በማይፈስበት ሰዓት ጠጋ ብዬ አሸተትኩ፤ ምንም የለም። ጎማው ላይ ዘይት ወይም ጭረት ቢኖር ኖሮ ሽታው እዚያው ካቢኔቱ ውስጥ ይጠብቀኝ ነበር።

ከዚያ ሻወር ቤት ገብቼ የወለሉን ማፍሰሻ በስልኬ መብራት ተመለከትኩ። እኔ ውሃ ስለቅ ዝም ይላል። ላይ ፎቅ ሰው ሽንት ቤት ሲለቅ ግን ውሃው ከሥር ወደ ላይ ቡልቅ ይላል፤ ሽታውም ተከትሎ ይወጣል። ዋናው ምልክት ይሄ ነው። አየር የጎደለው መስመር የሲፎኑን ውሃ ወደ ታች ይስባል። የእኔው ደግሞ ወደ ላይ እየተገፋ ነው። መስመሩ ውስጥ አየር አልጎደለም፣ መውጫ ያጣ አየር ታፍኗል።

ከየት መጣ? የሕንፃችን ፍሳሽ የሚወርደው በግቢው ሴፕቲክ ታንክ ነው። የታንኩ ክዳን በሲሚንቶ ተለስኗል። ከላይ ውሃ በወረደ ቁጥር ከፊቱ ያለውን አየር እየገፋ ይመጣል። ታንኩም ራሱ ቀን ከሌት ጋዝ ይሠራል። ይህ ሁሉ በዋናው ቱቦ ወጥቶ በጣራ በኩል መተንፈስ ነበረበት። ጣራው ላይ ከተዘጋ፣ የሚቀረው ቀላል መንገድ ምድር ቤት ያለነው ሰዎች ሲፎን ነው።

ጣራ ላይ ወጣሁ። ቱቦው ከወለሉ ስንዝር ላይ ተቆርጦ፣ አፉ በፌስታልና በሲባጎ ታስሯል። አጠገቡ የልብስ ማስጫ ገመድ ተዘርግቷል። አራተኛ ፎቅ ያሉትን እናት ጠየቅኳቸው። "ምን ላድርግ የኔ ልጅ፣ አንሶላዬ ሁሉ ሽንት ቤት ሽንት ቤት ሸተተኮ" አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። ፌስታሉን ፈታሁት። ሻወር ቤቴ የዚያኑ ዕለት ዝም አለ።

አሁን የምጣላው ከሻጩ ጋር ነው። ስገዛ "እህቴ፣ ይሄን ካሰርሽ ጣራ ድረስ ቱቦ ምን ያደርግልሻል?" ብሎኝ ነበር። እዚህ ቢኖር እንዲህ እለው ነበር፦ ወንድሜ፣ የሸጥክልኝ በር የሚከፈተው ወደ ውስጥ ብቻ ነው። አየር ታስገባለች እንጂ አታስወጣም። ግፊት ሲመጣማ ጭራሽ ጥርቅም ብላ ነው የምትዘጋው፤ ሥራዋም ይኸው ነው። ስለዚህ በአንድ ሕንፃ መቶ ቫልቭ ቢታሰርም፣ ቢያንስ አንድ ቱቦ ሰማይ ላይ ክፍት መሆን አለበት። "ካስቸገረሽ ተለቅ ያለውን ግዢ" ቢለኝም መልሴ አይለወጥም። ትልቁም ቢሆን አያስወጣም።

አንድ ነገር ላክል። ውሃ ጠፍቶ ሲሰነብት፣ ብዙ የማንጠቀምበት የወለል ማፍሰሻ ሲፎን በራሱ ይደርቃል። ያን ጊዜም ቤት ይሸታል። ይህን ቫልቭም ሆነ የጣራ ቱቦ አያድነውም፤ አንድ ጣሳ ውሃ መድፋት ነው።

እኔ ቫልቯን ነገም እገዛታለሁ፤ ግን ለላቫንዲኖ። አንድ ጎረቤታችን ግን ወሬውን ሰምቶ አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ። በጣራው ቱቦ አፍ ላይ አንድ ቫልቭ እንክደንበት፣ ሽታውም ይቀራል፣ የልብሱም ነገር ያበቃል ይላል። ያው ፌስታሉን በብር መግዛት ነው አልኩት። ሰው በሚመላለስበት ጣራ ላይ መደረግ ያለበት ቱቦውን ከሰው ቁመት በላይ፣ ከሁለት ሜትር አሳልፎ መቀጠል ነው፤ ሽታው በንፋስ ይሄዳል። አንድ ፒቪሲ፣ አንድ መቀጠያ፣ ከግድግዳው ጋር የሚይዘው ሁለት ማሰሪያ፤ ሌላ ወጪ የለውም። እማማም ተስማምተዋል፤ ገመዱን ወደ ወዲያኛው ጥግ ሊያዞሩት ነው። የቀረን የማዋጣቱ ነገር ነው፤ እዚያ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ገና አልመለሰልንም።