ኔትወርክ ሲጠፋ ዝም ብላችሁ እንዳትተኙ

ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ስድብ ቢያመልጠኝ ይቅርታ።

ትናንት ከምሽቱ 12 ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬ ላይ No Service የሚል መጣ። አጥፍቼ አበራሁት፣ እምቢ አለ። አጠገቤ ያለው ሰው ስልክ ግን ይሠራል። እኔ ጅሉ "ነገ ይስተካከላል" ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት በዋይፋይ ስሞክር ኢሜይሌ በገዛ ፓስወርዴ አልከፍት አለኝ። በኢሜይሉ በኩል ገንዘብ ያስቀመጥኩበት አካውንት ውስጥም ገብተው ጠራርገውታል።

ወደ ስልክ ድርጅቱ ሮጥኩ። ልጅቷ ቀና እንኳ ሳትል "ትናንት ምትክ ሲም ወስደዋል እኮ" አለችኝ።

"እኔ አልወሰድኩም።"

"ሲስተሙ ወስደዋል ይላል። ጥያቄዎቹንም በትክክል መልሰዋል።"

ጥያቄዎቹ ምን መሰሏችሁ? ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን እና በቅርቡ የደወልኩላቸው ሁለት ቁጥሮች። ያኔ ነው የባነንኩት። ከሦስት ቀን በፊት ከማላውቃቸው ሁለት ቁጥሮች ሚስኮል ተደርጎልኝ መልሼ ደውዬ ነበር። ለካ የፈተናውን መልስ ራሴ እየሰጠኋቸው ነው!

አካውንት ስትከፍቱ ማንነታችሁን ለማረጋገጥ በቴክስት የሚላከው ኮድ የሚሄደው ወደ ቁጥሩ እንጂ ወደ እጃችሁ ስልክ አይደለም። ቁጥሩ ሌላ ሲም ላይ ከዞረ ኮዱም አብሮ ይዞራል። ሲሙን ሳይነኩም መንገድ ላይ መጥለፍ ይቻላል፤ ኔትወርኮች መልእክት የሚቀባበሉበት ኤስኤስ7 የሚባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተነደፈና የሚላላኩት ሁሉ የሚተማመኑ መስሎት የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ጀርመን ውስጥ ሌቦች በዚሁ መንገድ የባንክ ኮዶችን ጠልፈው ገንዘብ ወስደዋል።

ኦተንቲኬተር አፕ ይለያል። መጀመሪያ ኪውአር ኮዱን ስታነሱ አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ ስልካችሁ ውስጥ ይቀመጣል። አፑ ያንን ቁልፍ ከሰዓቱ ጋር አስልቶ በየ30 ሰከንዱ አዲስ ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ያወጣል። ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። የሚላክ ነገር ስለሌለ መንገድ ላይ የሚጠለፍም የለም። ሐሰተኛ ድረ ገጽ ላይ ራሳችሁ ከጻፋችሁት ግን እሱም አያድንም፤ ለዚያ የሚሻለው ፓስኪ ነው፤ ኮድ ሳትጽፉ በስልካችሁ መክፈቻ የሚያስገባችሁና እውነተኛው ድረ ገጽ ላይ ብቻ የሚሠራ ቁልፍ ማለት ነው።

የሚያቃጥለኝ አፑን ከጫንኩት ስድስት ወር መሆኑ ነው! ግን "ለመጠባበቂያ" ብዬ ስልክ ቁጥሬን አልሰረዝኩም። ሌባው "ፓስወርድ ረሳሁ" አለ፣ ኮድ በቴክስት ደረሰው። አፑ ሲጠየቅ "ሌላ መንገድ" የሚለውን ነካ፣ አሁንም ቴክስት። በሩን ቆልፌ መስኮቱን ከፍቼ ነው የተኛሁት።

እናንተ አፑን ስትጭኑ ቁጥራችሁን ከመጠባበቂያ ዝርዝሩ አውጡት። የሚሰጧችሁን የመጠባበቂያ ኮዶች ወረቀት ላይ ጻፉ። ኔትወርክ የእናንተ ብቻ ከጠፋ ወዲያው በሌላ ስልክ ድርጅቱ ጋ ደውሉ።

ልጅቷ በመጨረሻ የአቤቱታ ቅጽ ሰጠችኝ። "ስልክ ቁጥርዎን እዚህ ይጻፉ፣ ውጤቱን በቴክስት እናሳውቅዎታለን።"