ድብቅ ቲቢና ንቁ ቲቢ፦ ባክቴሪያው አንድ፣ ሁኔታው ሁለት

ማክሮፌጅ የሚባለው የመከላከያ ሕዋስ ባክቴሪያን ሲውጥ በከረጢት ይይዘዋል። ከዚያ ከረጢቱ አሲድና ፈጪ ኢንዛይም ካለበት ሊሶዞም ጋር ይዋሃዳል፤ ፒኤቹም ወደ 5 ገደማ ይወርዳል። የቲቢ ባክቴሪያ ግን ይህን ውህደት ያግዳል። ከረጢቱ 6.4 ገደማ ላይ ይቆያል፤ ባክቴሪያውም ሊገድለው በተዘጋጀው ሕዋስ ውስጥ ስብ እየተመገበ ይኖራል።

በድብቅ ቲቢ፣ ቲ ሴል የተባሉ የመከላከያ ሕዋሳት በሚልኩት ምልክት የነቁ ማክሮፌጆች ተሰባስበው ግራኑሎማ ይሠራሉ፣ ባክቴሪያውንም ከበው ይይዙታል። ሰውየው አያስልም፣ ወደ ሌላም አያስተላልፍም። በንቁ ቲቢ ግን የግራኑሎማው መሃል ይሞትና ይቀልጣል፤ ወደ አየር ቧንቧ ሲፈስ ባክቴሪያው ከአክታ ጋር ይወጣል። ኤችአይቪ ወይም ቲኤንኤፍ የተባለውን የመከላከያ ምልክት የሚያግድ መድኃኒት ከበባውን ስለሚያላላ ድብቁ ወደ ንቁ የመለወጥ ዕድሉ ይጨምራል።

የቆዳም ሆነ የደም ምርመራ ሁለቱን አይለይም፤ የሚናገረው ሰውነት ባክቴሪያውን እንደሚያውቀው ብቻ ነው። ከታማሚ ጋር የሚኖር አንድ ሰው ምርመራው ፖዘቲቭ ሆነ እንበል። ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ከሌለው፣ ራጁም ንጹህ ከሆነ፣ ለ6 ወር አይሶናያዚድ የተባለው መድኃኒት ብቻውን ሊሰጠው ይችላል። ሳል ካለው ግን አስቀድሞ አክታው ይመርመር። ንቁ ቲቢ በአንድ መድኃኒት ብቻ ከታከመ፣ ከብዙው ባክቴሪያ መካከል መድኃኒቱን የተላመዱት ጥቂቶች ተርፈው ይራባሉ። ስለዚህ መድኃኒቱን የተላመደ ካልሆነ በቀር ንቁው በ4 መድኃኒት ለ2 ወር፣ ቀጥሎም በአይሶናያዚድና ሪፋምፒሲን ለ4 ወር ይታከማል።