ሮስት ዶሮ ከነቆዳው ወይስ ቆዳ የሌለው ደረት? ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ

ቅዳሜ ማታ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ጋር ከጓደኛዬ ጋር ሮስት ልንገዛ ቆመን ነበር። ልጁ ጂም ከጀመረ ሦስተኛ ወሩ ነው፣ አሰልጣኙ "ሮስት አትንካ፣ ቆዳ የሌለው ደረት ብቻ" ብሎታል፣ እሱ ደግሞ ሽታው አላስችለው ብሎ ቆሟል። በመጨረሻ ሰውየውን "ጋሼ፣ ቆዳውን አንሳልኝ" አለው። "ልጄ፣ ቆዳውን ካነሳሁልህ ምኑን ሮስት በላኸው?" ብሎ ሳቀበት። እኔ ግን ነገሩ ከሳቅ በላይ ሆነብኝ፣ ምክንያቱም ሮስትና ደረት ሲወዳደሩ ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ይደባልቃል፣ ስለዚ ወይ ያለ ምክንያት ደረቅ ደረት ሲያኝክ ይከርማል ወይ ደግሞ ቆዳውን ብቻ አንስቶ "በቃ አሁን ደረት ሆነልኝ" ብሎ ይሸወዳል።

እስቲ ከቁጥሩ እንነሳ። በአሜሪካ ግብርና መስሪያ ቤት የምግብ ዝርዝር መሰረት ሙሉ የፈረንጅ ዶሮ ከነቆዳው ኦቨን ተጠብሶ፣ አጥንቱ ወጥቶ፣ 100 ግራሙ 239 ካሎሪ ነው፣ ስቡ ደግሞ 13.6 ግራም። ቆዳ የሌለው የተጠበሰ ደረት 100 ግራሙ 165 ካሎሪ፣ ስቡ 3.6 ግራም። በመሀላቸው 74 ካሎሪ አለ፣ ሰውም 74ቱን በሙሉ ቆዳው ላይ ይለጥፋል። እንደዛ አደለም። ያንኑ ሙሉ ዶሮ ቆዳውን ብቻ አንስተህ ሥጋውን ቀላቅለህ ብትበላ 190 ካሎሪ ላይ ነው የምትደርሰው። ማለትም ከ74ቱ 49ኙ የቆዳው ነው፣ ቀሪው 25 ግን ከቆዳው ጋር ምንም አያገናኘውም፣ የታፋው ሥጋ ራሱ ከደረቱ የበለጠ ስብ ስላለው የመጣ ነው። ደረት ስትገዛ እንግዲህ ሁለት ነገር ነው የምትገዛው፣ የቆዳ አለመኖርና ስቡ ያነሰውን ብልት።

በተቃራኒው ደግሞ ደረቱን ከነቆዳው ብትበላስ? 197 ነው። ደረት ከነቆዳው ከሙሉው ዶሮ ቆዳ አልባ ሥጋ (190) ጋር ያን ያህል አይራራቅም ማለት ነው። ይሄን ስነግረው ጓደኛዬ አላመነኝም፣ "ቆዳ እያለው?" አለኝ።

ሳላሳምነው አልቀርም ብዬ ሌላ ቀን ግማሽ ሮስት አስጠቅልዬ ቤት ወሰድኩና የኩሽና ሚዛን ላይ አወጣሁት። አጥንቱን ለብቻ ለቅሜ የሚበላው 300 ግራም ገደማ ሆነ፣ ከዛ ውስጥ ቆዳው ብቻውን 55 ግራም አካባቢ። እጅህ ላይ ስትይዘው ምንም አይመስልም፣ የተኮማተረ ቡናማ ወረቀት ነገር ነው። የተጠበሰ ቆዳ ግን 100 ግራሙ 454 ካሎሪ፣ ከዛ ውስጥ 41 ግራም የሚጠጋው ስብ ነው። ስለዚ ያ 55 ግራም ቆዳ ወደ 250 ካሎሪ ይይዛል፣ ስቡም 22 ግራም ገደማ። ጠቅላላ ግማሹ ዶሮ 715 ካሎሪና 41 ግራም ስብ አካባቢ ነው። ክብደቱ ላይ አንድ አምስተኛ እንኳን የማይሞላ ነገር፣ ካሎሪው ላይ ከሲሶ በላይ፣ ስቡ ላይ ደግሞ ከግማሽ በላይ ይዞ ተቀምጧል። ቆዳውን ሳህን ዳር አስቀምጠህ ሥጋውን ብቻ ብትበላ 460 አካባቢ ትጨርሳለህ። ይሄ ነው ትልቁ ቁጥር፣ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ቆዳው ላይ ያለው ስብ ደግሞ እኩል አልተከፋፈለም። የደረቱ ቆዳ ስስ ነው፣ አንስተህ በብርሃን ብታየው ሊያሳልፍ ይደርሳል፣ ታፋው ጋርና ጅራቱ ጋር ስትደርስ ግን ከስሩ ነጭ ወይ ቢጫ ንጣፍ ታገኛለህ፣ በማንኪያ ጫፍ ስትፍቀው ይላቀቃል። አንድ ግማሽ ደረት ተጠብሶ ከነቆዳው 98 ግራም ቢሆን 193 ካሎሪ ነው፣ ቆዳው ሲነሳ 86 ግራም ሆኖ 142። ልዩነቱ 51 ካሎሪ፣ ስብ ሲሆን አራት ግራም ተኩል። በጣም የሚያስፈራ አይደለም እኮ። ክንፉ ግን ተንኮለኛ ነው፣ ሥጋው ትንሽ ቆዳው ብዙ ስለሆነ ከነቆዳው 100 ግራሙ 290 ይደርሳል፣ ግማሽ ሮስት ውስጥ "ክንፉን ለኔ" የሚለው ሰው ይወቀው።

(አንድ የሚገርመኝ ነገር፣ ቤታችን ዶሮ ወጥ ሲሰራ ቆዳውን ማን በልቶት ያውቃል? እናቶቻችን ገፈው ይጥሉታል፣ ከዛ ሥጋውን በሎሚና በጨው ደጋግመው ያጥቡታል። ስቡ ላይ የተመለስነው ሮስት ከመጣ በኋላ ነው። ወጡ ላይ የሚገባው ቅቤ ግን ሌላ ወሬ ነው፣ እሱን አሁን አልነካውም።)

አሁን ብዙ ሰው የሚፈራው ነገር፣ "ቆዳው እያለ ሲጠበስ ስቡ ሥጋው ውስጥ ይገባል፣ ኋላ ቆዳውን ብታነሳው ምን ዋጋ አለው" የሚለው ነው። አይገባም፣ ቢገባም ከቁጥር የማይገባ ነው። ስቡ ሲቀልጥ ወደ ውጭና ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ ሮስት የሚዞርበት ማሽን ስር ያለውን ትሪ ካየኸው ይገባሃል። ቆዳው እስከዛ ሥጋውን ከድርቀት ይጠብቀዋል። ከነቆዳው ተጠብሶ ኋላ የተላጠ ደረትና መጀመሪያውኑ ተልጦ የተጠበሰ ደረት በስብ ያላቸው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ በጣዕም ግን ሁለተኛው እንጨት ነው። ልብ በሉ ግን፣ ትሪው ላይ የወረደውን ስብ እየቀዳ መልሶ ዶሮው ላይ የሚያፈስ ጠባሽ አለ፣ ስር ደግሞ ድንች ደርድሮ ስቡን የሚያስጠጣውም አለ፣ ድንቹ በጣም ይጣፍጣል፣ ያጣፈጠውም ከቆዳው የሸሸኸው ስብ ነው።

ቆዳውን ማንሳት ካሰባችሁ ትኩስ እያለ አንሱት። ትኩሱ ላይ በሁለት ጣት ጎትተህ እንደ ካልሲ ነው የሚወልቀው፣ ከቀዘቀዘ ግን ስቡ ይረጋና ሥጋው ላይ ነጭ ሆኖ ይጣበቃል፣ ከዛ ከፊሉን ስብ ከሥጋው ጋር ትበላዋለህ። ፌስታል ውስጥ ተጠቅልሎ እስከ ቤት ከሄደ በእንፋሎቱ ይርስና ቆዳውም አይጣፍጥ አይነሳም ይሆናል።

ቆዳ የሌለው ደረት ገዝተው ቤት የሚሰሩት ጋር ደግሞ የሚበላሸው መጥበሻው ላይ ነው። ጓደኛዬ ሁለት ወር ሙሉ የታሸገ ደረት ከሱፐርማርኬት እየገዛ ሲበላ ኪሎው ንቅንቅ አላለም፣ አንድ ቀን ቤቱ ሄጄ ሲሰራ አየሁት፣ ደረቁ ደረት እንዳይጣበቅ ብሎ ዘይቱን በዓይን ግምት ነው የሚለቀው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አያንስም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። ከላይ ያየነው የግማሽ ደረት ቆዳ 51 ነበር። ዘይቱ ሁሉ ሥጋው ላይ አይቀርም እርግጥ፣ እሱ ግን መጥበሻውን በእንጀራ ይጠርገዋል፣ ስለዚ ይቀራል! ቆዳ ሸሽቶ የቆዳውን ብዙ እጥፍ ስብ ጨመረበት ማለት ነው። የማይጣበቅ መጥበሻ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ይበቃው ነበር፣ እሱ 40 ካሎሪ ነው።

ሌላው ስህተቱ ሚዛኑ ላይ ነበር። ጥሬ ደረት 100 ግራሙ 120 ካሎሪ ነው፣ የተጠበሰው 165። ይሄን ያየ ሰው መጥበስ ካሎሪ ይጨምራል ይላል፣ የወጣው ግን ውሃ ነው፣ ሩብ ያህል ክብደቱን ይጥላል፣ ያው ሥጋ ታምቆ ነው። እሱ የተጠበሰውን እየመዘነ በጥሬው ቁጥር ይመዘግብ ነበር፣ በ200 ግራም ላይ 90 ካሎሪ ሳይቆጠርለት ያልፋል ማለት ነው። ጥሬውን ከመዘናችሁ የጥሬውን ቁጥር፣ የበሰለውን ከመዘናችሁ የበሰለውን፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።

እሺ የትኛውን እንግዛ? ፕሮቲን ለሚቆጥር ሰው በአንድ ሂሳብ ላሳያችሁ። ከአንድ ራት 60 ግራም ፕሮቲን ፈለግክ እንበል። ቆዳ ከሌለው ደረት 195 ግራም በልተህ በ320 ካሎሪ ታገኘዋለህ። ከቅልቅል ሮስት ከነቆዳው 220 ግራም ያስፈልግሃል፣ 525 ካሎሪ ይሆናል። ያንኑ ሮስት ቆዳውን አንስተህ ከበላኸው 208 ግራም፣ 395 አካባቢ። ከሁለቱ ጫፎች መሀል ያለው የ205 ካሎሪ ርቀት አብዛኛው ቆዳውን በማንሳት ብቻ ተዘጋ፣ ለቀረችው 75 ስል የታሸገ ደረት ፍለጋ ከተማውን አልዞርም፣ ውድ ነው፣ ብዙ ቦታም የለም፣ አንዳንዴ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ቀልጦ እንደገና የረጋ ይገጥምሃል፣ ፓኬቱ ውስጥ የቀላ በረዶ ካየህ ተወው።

ኪሎ ለመቀነስ በጣም ጥብቅ የሆነ ሰው ወይ ሐኪም ስብ ቀንስ ያለው ሰው ደረቱን ይግዛ፣ ዘይቱን ይለካ። ለሌላው ሰው እኔ ምመርጠው ግማሽ ሮስት ገዝቶ "የደረቱን በኩል ስጠኝ" ማለት ነው፣ ቆዳውን እዛው ትኩስ እያለ ማንሳት፣ ድንቹን መተው። ያ ደረት ከሱፐርማርኬቱ ደረት ጋር በካሎሪ ያው ነው፣ አይደርቅም ደግሞ። እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ግን ለፈረንጅ ዶሮ ነው፣ የመርካቶው የሐበሻ ዶሮ ሲሮጥ ያደገ ስለሆነ ከቆዳው ስር ያን ያህል ንጣፍ አታገኝበትም፣ ሮስት ቢደረግም ጥርስ ይፈትናል።

ጓደኛዬ አሁን እንደዚህ ነው ሚያደርገው። ሰውየውም ለምዶታል፣ ሲያየን ቆዳውን ራሱ አንስቶ ለብቻ ወረቀት ላይ ያስቀምጥልኛል፣ ምክንያቱም እሱን እኔ ነኝ የምበላው። ልጁ የቆዳው ካሎሪ ቀለለለት፣ እኔ ከራሴው ግማሽ ሮስት ላይ ጨመርኩት።